«ከላይ የተጠቀሰው» የትኛው ነው? የውል አማርኛን ትርጉሙን ሳይነኩ ስለ ማቅለል

ጎንደር ውስጥ ቤት ያከራየ፣ መኪና የሸጠ ወይም ገንዘብ ያበደረ ሰው ሁሉ «ከላይ ስሜና አድራሻዬ የተጠቀሰው»፣ «ይኸው ገንዘብ»፣ «ከዚህ በኋላ እየተባለ የሚጠራው»፣ «እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚሉ ሐረጎች የሞሉበት ወረቀት ላይ ፈርሟል። ብዙው ሰው ወረቀቱ ሲነበብለት ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ወረቀቱ እንደገና ወጥቶ የሚነበበው ጠብ ሲነሳ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ «የተጠቀሰው» የተባለው የትኛው እንደሆነ ሁለቱ ወገኖች ሁለት የተለያየ ነገር ይላሉ።

እነዚህን ሐረጎች አውጥቶ በዘመኑ ግልጽ አማርኛ መተካት ይቻላል። ሥራው ግን ከቃላት ለውጥ ያለፈ ነው፤ አንዳንዱ ሐረግ ቢወጣ ምንም አይጎድልም፣ አንዳንዱ ግን ሲወጣ የሰውን ገንዘብ ይዞ ይወጣል። ይህ ማብራሪያ ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ሲሆን፣ ማሳያ የማደርገው አንድ የሱቅ ኪራይ ውል ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ የራሱ አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ስላለው እዚህ አላነሣውም።

ሐረጎቹ በመጀመሪያ ለምን ገቡ?

«ከላይ የተጠቀሰው» ጠቋሚ ሐረግ ነው። ጠቋሚ ሐረግ የምለው የራሱ ይዘት የሌለውን፣ አንባቢውን ወደ ሌላ ቦታ የሚልከውን ሐረግ ነው። ፒያሳ ላይ ከሰው ጋር ቆመው በጣት እያሳዩ «ያ ማዶ ያለው ቤት» ቢሉት ይገባዋል። ያንኑ ቃል በስልክ ቢነግሩት ግን የትኛው ማዶ፣ የትኛው ቤት ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጠቋሚ ሐረግም እንዲሁ የሚሠራው ጸሐፊውና አንባቢው አንድ ቦታ ቆመው አንድ ነገር ሲያዩ ነው።

ድሮ ይህ ችግር አልነበረም ለማለት ይቻላል። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና የጉልት ስጦታ በቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋሱና ምስክሩ በስም ይጠራሉ፣ መሬቱንም ሁሉም ያውቀዋል። ዛሬ ውሉ ሁለትና ሦስት ገጽ ሆኗል፣ በውስጡ ሦስትና አራት የገንዘብ መጠን አለ፣ ጽሑፉም የሚዘጋጀው ከኮምፒውተር በሚወጣ ናሙና ላይ ስም እየቀያየሩ ነው። እኔ ራሴ በአንድ የቤት ኪራይ ውል መካከል «ከላይ የተጠቀሰውን ተሽከርካሪ በጥሩ ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አግኝቼ አውቃለሁ፤ ከመኪና ሽያጭ ናሙና ተርፎ የቀረ ነው። ከላይ ተሽከርካሪ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ተከራዩም ሳያየው ፈርሞበታል።

ሌላው ምንጭ ሕጉ ራሱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ የተዘጋጀው በፈረንሳዊው የሕግ ምሁር በሬኔ ዳቪድ አማካይነት በፈረንሳይኛ ሲሆን ወደ አማርኛ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። የሕጉ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮችና አያያዣቸው ውል ጸሐፊውም ጋ ወርደዋል፤ ውል እንደ ሕግ መምሰል አለበት የሚል ልማድም አብሮ መጣ። ፍርድ ቤት ግን ውልን የሚያጸናው አማርኛው ስለከበደ አይደለም። በሕጉ ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው፤ «ከላይ የተጠቀሰው» የሚል ቃል ይኑርበት የሚል ድንጋጌ የትም የለም።

አንድ አንቀጽ ቀርበን ብናየውስ?

የሚከተለው ከአንድ የሱቅ ኪራይ ውል የተወሰደ ነው፤ ስምና አድራሻው ወጥቷል፣ አማርኛው እንዳለ ነው።

«እኔ ከላይ ስሜና አድራሻዬ የተገለጸው ውል ሰጪ፣ በስሜ ተመዝግቦ የሚገኘውን አንድ የንግድ ሱቅ ከነመጋዘኑ ከላይ ስማቸው ለተጠቀሱት ውል ተቀባይ ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በወር ብር 8,000 ያከራየሁ ሲሆን፣ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ብር 24,000 እና ለመብራትና ለውሃ ዕዳ መያዣ የሚሆን ብር 8,000 በዛሬው ዕለት ቆጥሬ የተቀበልኩ በመሆኑ፣ ይኸው ገንዘብ የውሉ ዘመን ሲያበቃ ዕዳ አለመኖሩ ተረጋግጦ ለውል ተቀባይ ተመላሽ የሚሆን ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰውን ቤት ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ የተከለከለ ነው።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሲነበብ ችግር ያለበት አይመስልም፤ ጣትን ጠቋሚ ሐረጎቹ ላይ አሳርፎ «የትኛው?» ብሎ መጠየቅ ሲጀመር ግን ይፈታል።

«ይኸው ገንዘብ» የቱ ነው? ከፊቱ ሁለት መጠን አለ። መያዣውን ብቻ ካለ ተመላሹ ብር 8,000 ነው፤ ሁለቱንም ካለ ብር 32,000 ነው። ልዩነቱ የሦስት ወር ኪራይ ነው። ወረቀቱን ይዘው የመጡት አከራይ እናት በዕድሜ የገፉ ናቸው። «እትዬ፣ ይኸው ገንዘብ ያሉት የትኛውን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «መያዣውን ነው እንጂ ልጄ፣ ተቀምጠው የበሉትን ኪራይ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» አሉኝ። አብሯቸው የመጣው ወጣት ተከራይ ቀና ብሎ «እኛ ሁሉንም መስሎን ነበር፣ እትዬ» አለ። ሁለቱም አልዋሹም። አማርኛው ለሁለቱም ይመቻል።

«ከላይ የተጠቀሰው ቤት» ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ከላይ «ቤት» የሚል ቃል ጭራሽ አልተጠቀሰም። የተጠቀሱት ሱቅና መጋዘን ናቸው። ተከራዩ መጋዘኑን ለሌላ ነጋዴ ቢሰጥ ውሉን አፍርሷል ወይስ አላፈረሰም? አከራይዋ «ከነመጋዘኑ ነው» ይላሉ፤ ተከራዩ «ቤት የተባለው ሱቁ ነው፣ መጋዘን ቤት አይባልም» ሊል ይችላል።

ሦስተኛው ከአማርኛው ጠባይ የሚመጣ ጣጣ ነው። «ስማቸው ለተጠቀሱት» ሲል ተከራዩ አንድ የተከበረ ሰው ነው ወይስ ሁለት ሰዎች? አንቱታና ብዙ ቁጥር በአማርኛ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። በዚህ ውል ተከራዮቹ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ «ውል ተቀባይ» የሚለው ግን በነጠላ ተጽፏል። ታላቁ ቢሞት ወይም አገር ቢለቅ ታናሹ ሙሉውን ኪራይ ይከፍላል ወይስ ግማሹን? ሕጉ በቁጥር 1896 ሌላ ስምምነት ከሌለ አብረው ባለዕዳ የሆኑ ሰዎች ሙሉውን ዕዳ በአንድነትም በነጠላም ይጠየቁበታል ይላል፤ ይህ የሚሠራው ግን ተከራዮቹ ሁለት መሆናቸው ከወረቀቱ ሲታወቅ ነው።

በነገራችን ላይ፣ «ውል ሰጪ» እና «ውል ተቀባይ» የሚሉትን ቃላት ካነበቡ ሰዎች መካከል የትኛው አከራይ የትኛው ተከራይ እንደሆነ ቆም ብሎ ያላሰበ አላገኘሁም። «አከራይ» እና «ተከራይ» የሚሉ ቃላት እያሉን ለምን እንደምንዞር አይገባኝም።

ታዲያ እንዴት ይተካል?

ደንቡ አንድ ነው፦ ጠቋሚውን አውጥቶ የተጠቆመውን ነገር በስሙ መጥራት። «ይኸው ገንዘብ» ይውጣ፣ «የመያዣው ብር 8,000» ይግባ። «ከላይ የተጠቀሰው ቤት» ይውጣ፣ «ሱቁና መጋዘኑ» ይግባ። ያው ነገር ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ አንድ ጊዜ ስም ተሰጥቶት ያ ስም ብቻ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። «ከዚህ በኋላ አከራይ እየተባሉ የሚጠሩት» የሚለው ሐረግ የሚሠራው ሥራ ይህን ስለሆነ ሥራው አይጣልም፤ የሚያጥረው አነጋገሩ ነው፣ ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ (አከራይ) ብሎ መጻፍ ይበቃል። ስሙ አንዴ ከተሰጠ ግን «ሱቅ» ያልነውን ኋላ «ቤት»፣ ቀጥሎ «ንብረት» ማለት ክልክል ነው። ትምህርት ቤት ቃል አትድገሙ ተብለን አድገናል፤ በውል ግን አለመድገም ነው ስሕተቱ።

አንቀጹ እንዲህ ይሆናል፦

«1. አከራይ በስማቸው ተመዝግቦ የሚገኘውን ሱቅ ከነመጋዘኑ ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተከራዮች አከራይተዋል። ኪራዩ በወር ብር 8,000 ነው።
2. ተከራዮች የሦስት ወር ቅድሚያ ኪራይ ብር 24,000 ለአከራይ ከፍለዋል።
3. ተከራዮች ለመብራትና ለውሃ ዕዳ መያዣ ብር 8,000 ለአከራይ ሰጥተዋል። ውሉ ሲያበቃ የመብራትና የውሃ ዕዳ አለመኖሩ ከተረጋገጠ፣ አከራይ የመያዣውን ብር 8,000 ለተከራዮች ይመልሳሉ።
4. ተከራዮች ሱቁንም ሆነ መጋዘኑን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ አይችሉም።»

አሁን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «ይኸው ገንዘብ» የሚለውን «የመያዣው ብር 8,000» ብዬ ስተካ ከሁለት ትርጉም አንዱን መርጫለሁ። ይህን ማድረግ የቻልኩት አከራይና ተከራይ ፊቴ ተቀምጠው ስለነገሩኝና ስለተስማሙ ነው። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ የእኔ ሥራ ማቅለል መሆኑ ይቀርና ፍርድ መስጠት ይሆን ነበር። አሻሚ ሐረግ ሲገኝ ጸሐፊው ከራሱ ገምቶ ማቃናት የለበትም፤ ጠይቆ ነው የሚጽፈው። በሁለተኛው ቁጥር «ይህም የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ኪራይ ነው» ብዬ ብጨምር ግልጽ ይሆን ነበር፤ ግን በቀድሞው ውል ውስጥ ይህ አልተጻፈም፣ ስለዚህ ተዋዋዮቹን ሳልጠይቅ አልጨምረውም። የጳጉሜንም ነገር እንዲሁ ነው፤ ውሉ አምስቱን ቀን ያካትታል፣ የአምስቱን ቀን ኪራይ ግን ከፍሎ ይሁን በነጻ አላለም።

«በዛሬው ዕለት ቆጥሬ» የሚለውም በአዲሱ ውስጥ እንደሌለ ያስተዋለ አንባቢ ልክ ነው። ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን ማስረጃ ስለሆነ መውጣት የለበትም። «ዛሬ» ግን ጠቋሚ ነው፣ የሚጠቁመውም ከውሉ ግርጌ ያለውን ቀን ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ከግርጌ አንስቶ በቁጥር 2 እና 3 ላይ በአኃዝ መጻፍ ያስፈልጋል። ከላይ ያላስገባሁት ቅጂው ላይ የግርጌው ቀን በማኅተም ተሸፍኖ ስላልተነበበልኝ ነው። ተዋዋዮቹ ሲያስታውሱት በእጅ ሳይሆን እንደገና ታትሞ ገብቷል።

የማይነኩት ቃላት የትኞቹ ናቸው?

ከጠቋሚዎቹ ጎን ለጎን የድሮ የሚመስሉ፣ ነገር ግን በሕግ የራሳቸው ውጤት ያላቸው ቃላት አሉ። እነዚህን ቢያቀሉ ውሉ ሌላ ውል ይሆናል።

ዋናው ምሳሌ «ቀብድ» ነው። ለዘመኑ ሰው የሚቀለው «ቅድሚያ ክፍያ» ይመስላል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቅቆ ውሉን መተው ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለው ደግሞ ውሉን ከተወ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ብር 50,000 ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ሐሳቡን ቢቀይር ብር 100,000 ይመልሳል ማለት ነው። «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ቢጻፍ ይህ እጥፍ የመመለስ ግዴታ ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። ቃሉ ለአንባቢ ከበደ ከተባለ ቃሉን ትቶ ማብራሪያውን መጨመር ነው፦ «ገዢ ብር 50,000 ቀብድ ሰጥተዋል። ገዢ ሽያጩን ከተዉ ቀብዱን ያጣሉ፤ ሻጭ ሽያጩን ከተዉ ብር 100,000 ይመልሳሉ።»

«ገደብ»ም እንዲሁ ነው። በዕለት ንግግር ገደብ ማለት ወሰን ነው፤ በውል ላይ ግን «ብር 10,000 ገደብ ይከፍላል» ሲባል ውሉን ያፈረሰ ወገን የሚከፍለው አስቀድሞ የተቆረጠ መቀጫ ነው። ይህን «ካሳ» ብሎ መተካት አደጋ አለው፤ ካሳ የሚጠይቅ ሰው የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት ይጠበቅበታል፣ የገደብ ገንዘብ ግን ጉዳት ባይደርስም ሊጠየቅ ይችላል። «አስቀድሞ የተወሰነ መቀጫ» ቢባል ግን ትርጉሙን ይይዛል።

በእኛው አንቀጽ ውስጥ ያለው «ማስተላለፍ»ም ከዚሁ ወገን ነው። «ለሌላ ሰው ማከራየት አይችሉም» ብል ይበልጥ ቀላል ይሆን ነበር። ማስተላለፍ ግን ማከራየትን ብቻ አይልም፤ በነጻ መስጠትንም፣ መብቱን ለሌላ መልቀቅንም ይይዛል። ቀላሉን ቃል ብመርጥ ተከራዮቹ መጋዘኑን ለዘመድ በነጻ የሚሰጡበትን በር ከፍቼ ነበር። ስለዚህ ቁጥር 4 ላይ ቃሉን አልነካሁም።

«እንደተጠበቀ ሆኖ» ማለት ምን ማለት ነው?

ይህ ሐረግ ለብቻው መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ሰው የሚያልፈው ጌጥ ነው ብሎ ነው። ሥራው ሁለት አንቀጾች ሲጋጩ ማን እንደሚያሸንፍ መንገር ነው። «በአንቀጽ 4 የተገለጸው እንደተጠበቀ ሆኖ» ሲባል አንቀጽ 4 እንዳለ ይቆያል፣ አሁን የሚነገረውም በእርሱ ላይ አይሠራም። «በአንቀጽ 4 የተገለጸው ቢኖርም» ሲባል ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ አሁን የሚነገረው አንቀጽ 4ን ያልፈዋል። ሁለቱን ቀያይሮ መጻፍ ፈቃድን ክልከላ፣ ክልከላን ፈቃድ ያደርጋል።

ለምሳሌ አንቀጽ 4 ተከራዮች ማስተላለፍ አይችሉም ካለ በኋላ፣ አንቀጽ 7 «በአንቀጽ 4 የተገለጸው እንደተጠበቀ ሆኖ ተከራዮች በሱቁ ውስጥ ሠራተኛ ማኖር ይችላሉ» ቢል፣ ሠራተኛው ሱቁን ሊጠብቅ፣ ሊያድርበት ይችላል እንጂ ሱቁ ሊተላለፍለት አይችልም። በግልጽ አማርኛ ሲጻፍ ሐረጉ ተነሥቶ ማን እንደሚያሸንፍ በቀጥታ ይነገራል፦ «ተከራዮች በሱቁ ውስጥ ሠራተኛ ማኖር ይችላሉ። ሆኖም ሱቁን ለሠራተኛው ማስተላለፍ አይችሉም።» ይህ እንዲሆን ግን አንቀጽ 4 ምን እንደሚል ተመልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። ሐረጉን ብቻ ሰርዞ ማለፍ የሚቀለው ለዚህ ነው፤ የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

ትርጉሙ አለመቀየሩ በምን ይታወቃል?

እኔ የምጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው። አሮጌውን ውል አንድ ሰው፣ አዲሱን ሌላ ሰው ይይዛል። ሦስተኛ ሰው ለሁለቱም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ማን ይከፍላል? ስንት? መቼ? ባይከፍልስ? አሮጌው «አይታወቅም» የሚል መልስ በሰጠበት ቦታ አዲሱ ቁርጥ ያለ መልስ ከሰጠ፣ ጸሐፊው አንድ ነገር ወስኗል ማለት ነው፤ ማንን ጠይቆ እንደወሰነ ይመለስ። ሁለቱ የተለያየ መልስ ከሰጡ ትርጉሙ ተቀይሯል።

ከዚያ ግሦቹን አያለሁ። በውል አማርኛ «ይመልሳሉ»፣ «ይከፍላሉ» የሚለው ግዴታ ነው፣ የወደፊቱን መተንበይ አይደለም። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ሲቆርጡ «ይመልሳሉ» የነበረው ሳይታወቅ «ሊመልሱ ይችላሉ» ይሆናል፤ ግዴታው ወደ ፈቃድ ወረደ። ማያያዣዎቹም እንዲሁ ይታያሉ። «ሲሆን» አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር አጣብቆ ብቻ ስለሚሄድ በአራት ነጥብ ቢተካ አይጎዳም። «ተረጋግጦ» ግን በእኛ አንቀጽ ውስጥ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ዕዳ አለመኖሩ ሳይረጋገጥ መያዣው አይመለስም። ለዚህ ነው በአዲሱ ውስጥ «ከተረጋገጠ» ብዬ ያስቀመጥኩት። ዓረፍተ ነገሩን እዚያ ላይ በአራት ነጥብ ብቆርጠው ኖሮ አከራይዋ ዕዳ ቢኖርም ባይኖርም የሚመልሱ ይመስል ነበር።

ሳይስተካከል ፍርድ ቤት ቢደርስስ?

ቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከዚያ ወጥቶ ሌላ ትርጉም ሊፈልግለት አይችልም ይላል። ቃሉ አሻሚ ሲሆን ነው የተዋዋዮቹ የጋራ ሐሳብ የሚፈለገው፤ ለዚያም ምስክር፣ ደረሰኝ፣ በመካከላቸው የነበረው አሠራር ይታያል። ከዚያ በኋላም ካልጠራ ቁጥር 1738 አሻሚው ቃል ለባለዕዳው በሚያደላ መንገድ ይተርጎም ይላል። በእኛ ጉዳይ የሚመልሰው ማን ነው? አከራይዋ ናቸው፤ ስለዚህ በተመላሹ ገንዘብ ረገድ ባለዕዳዋ እርሳቸው ናቸው። «ሁሉም ይመለሳል መስሎን ነበር» ያለው ወጣት በዚህ ሐረግ ላይ ተማምኖ ቢከስ ትርጓሜው ሊያጋድልበት ይችላል።

አስቀድሞ የተፈረመ ውል ሲሆን ግን አንዱ ወገን ብቻውን አቅልሎ አትሞ መለዋወጥ አይችልም። በቁጥር 1722 መሠረት በተለየ ፎርም የተደረገ ውል የሚሻሻለውም በዚያው ፎርም ነው። ለሱቁ ውል እንዲሁ አደረግን፤ እትዬና ሁለቱ ወንድማማቾች አዲሱን ገጽ በመጀመሪያዎቹ ምስክሮች ፊት ፈረሙ፣ የጳጉሜን አምስት ቀንም ያለ ኪራይ እንዲሆን እዚያው ተስማምተው በአንድ መስመር አስገቡት።